ለምትነግድ ጓደኛ ምን ተብሎ ይጻፋል?

ጥያቄ፦ የልብ ጓደኛዬ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል አካባቢ ትንሽ የዓሣ ጥብስ ቤት ልትከፍት ነው። ባዶ ተስፋ የሌለበት የመልካም ምኞት መልእክት እንዴት ልጻፍላት?

መልስ፦ «በዓመቱ ሀብታም ትሆኛለሽ» የሚለውን ይተዉት፤ ገበያ በጠፋ ቀን ቃሉ ራሱ ይከብዳታል። የዓሣ ገበያ ወቅት አለው። በዐቢይ ጾም ፈላጊው ይበዛል፤ ፋሲካ ሲገባ ብዙው ሰው ፊቱን ወደ ሥጋ ያዞራል። ሐይቁ ቆሮሶ ያልሰጠ ዕለትም የእሷ ጥፋት አይደለም። ስለዚህ በዓይንዎ ያዩትን ሙያዋን ይጥቀሱ፤ ቀዝቃዛውን ጊዜም ሳያስፈሯት ያንሱላት። እንዲህ፦

«እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ! ዓሣውን በሥርዓት አጽድተሽ፣ ተልትለሽ፣ ዘይቱ በደንብ ሳይግል እንደማትጨምሪ አውቃለሁ፤ የበላ ሰው የሚመለሰው ለዚህ ነው። ከፋሲካ በኋላ ገበያው ቢቀዘቅዝ አትደንግጪ፤ ወቅቱ ነው። ያኔ ቅዳሜ ቅዳሜ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼን ይዤ እመጣለሁ፤ ከፍለን ነው የምንበላው። ገበያው ይቅናሽ፣ እጅሽ ይባረክ።»

«ከፍለን» የምትለዋን ቃል አደራ አይሰርዟት። አዲስ ምግብ ቤትን ቶሎ ከሚያዳክሙት ነገሮች አንዱ የወዳጅ ዱቤ ነው፤ የነገውን ዓሣ የምትገዛው ዛሬ እጇ በገባው ብር ነው።