ዲኮደር ሲደርቅና እየጠፋ ሲነሳ

አዲስ ቃላት

ዲኮደር፦ ከዲሽ የሚመጣውን ሞገድ ተቀብሎ ወደ ምስልና ድምፅ የሚለውጥ ሣጥን።
አዳፕተር፦ የግድግዳውን 220 ቮልት ለዲኮደሩ ወደሚስማማ አነስተኛ ኃይል የሚለውጥ ትንሽ ዕቃ።
ሃርድ ዲስክ፦ ዲኮደሩ ፕሮግራም ቀድቶ የሚያስቀምጥበት፣ በውስጡ የሚሽከረከር ሰሌዳ ያለበት ማከማቻ።

1. ብርድ አገርም ዕቃ ይሞቃል

«እንጦጦ ብርድ ነው፤ እዚህ ዕቃ በሙቀት አይበላሽም» የሚል ሰው አይታጣም። ነገሩ እውነት ይመስላል። ነገር ግን ዲኮደር የሚቀዘቅዘው በብርዱ ብቻ ሳይሆን በአየሩም ብዛት ነው። ብዙዎቹ ዲኮደሮች ማራገቢያ የላቸውም። ቀዝቃዛው አየር ከሥር ባሉት ቀዳዳዎች ይገባል፤ በውስጥ ያለውን ሙቀት ይዞም ከላይ ይወጣል። እንግዲህ አየሩ ከሳሳ ይዞ የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል።

እንጦጦ ማርያም ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በጅቡቲ ወደብ 4 ኪሎ የሚመዝን አየር፣ ያንኑ ያህል ቦታ ሞልቶ እንጦጦ ላይ ቢመዘን 3 ኪሎ ያህል ብቻ ይሆናል። በአንዳንድ አዳፕተሮች ጀርባ ላይ የተራራ ሥዕልና 2000m የሚል ጽሑፍ ይታያል። ትርጉሙም ዕቃው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ድረስ እንዲሠራ ታስቦ ተሠርቷል ማለት ነው። አዲስ አበባ ከተማ ራሷ ከዚህ በላይ ናት፤ እንጦጦማ ይብሳል። ይህ ማለት ዕቃው እዚህ አይሠራም ማለት አይደለም። ከቆላ ይልቅ እዚህ ሰፋ ያለ መተንፈሻ ይፈልጋል ማለት ነው።

እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። ዲኮደሩ አቧራ እንዳይነካው ብለን ዳንቴል እናለብሰዋለን፤ ወይም ከቴሌቪዥኑ ሥር በጠባብ መደርደሪያ ውስጥ እንሸጉጠዋለን። የባሕር ዛፍ ጭስ ባለበት ቤት ደግሞ ጥላሸቱና አቧራው ተጣብቀው ቀዳዳዎቹን ይደፍናሉ። በሪሞት ሲጠፋም ዲኮደሩ በእርግጥ አልጠፋም፤ ተኝቶ እየጠበቀ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ለብ ብሎ ያድራል።

2. ሦስቱን ችግሮች መለየት

«ዲኮደሩ ተበላሸ» ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም። «ሰውየው ታመመ» እንደማለት ነው። የትኛው ምልክት እንደታየ መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው፣ ምስሉ በትንንሽ አራት ማዕዘን እየተቆራረጠ መሄዱ ነው። በዚህ ጊዜ ሪሞቱ ይታዘዛል፤ ቻናል መለወጥ ይቻላል። ብዙ ጊዜም የሲግናል ችግር መኖሩን የሚገልጽ ጽሑፍ ይመጣል፤ በዲኤስቲቪ ዲኮደር ለምሳሌ E48-32 ይላል። ይህ የዲሽ፣ የገመድ ወይም የዝናብ ጉዳይ ነው። ዲኮደር መለወጥ አያድነውም።

ሁለተኛው፣ ምስሉ ቀጥ ብሎ ቀርቶ ሪሞቱም ሆነ በሣጥኑ ላይ ያሉት ቁልፎች አልታዘዝ ሲሉ ነው። መብራቱ ግን እንደበራ ነው። በዚህ ጊዜ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ሙቀት ነው፤ ሃርድ ዲስክ ካለው ደግሞ ዲስኩ ነው።

ሦስተኛው፣ መብራቱ ድርግም ብሎ ጠፍቶ ዲኮደሩ ከመጀመሪያው እንደገና ሲነሳ ነው። እዚህ ላይ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የሚገባለት ኃይል ነው።

3. አንድ ቤት ያየነው ምሳሌ

ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ በሚወስደው መንገድ፣ ወደ እንጦጦ ማርያም ሲቃረቡ ባለ አንድ ቤት የገጠመውን እንመልከት። የቤቱ እመቤት የዲኮደሩን መበላሸት ሲነግሩን እንዲህ አሉ፦

«ልጆቼ፣ ሁለት ጊዜ ተሸክመን ወረድን። እዚያ ሲሰኩት ደህና ነው። ‹እማማ፣ ምንም አልሆነም› ብለው መለሱን። ቤት ስናመጣው ያው ነው። አሁንማ አዲስ ግዙ ብለውናል።»

ሱቁ ውስጥ ደህና የሆነው ያለ ምክንያት አልነበረም። ዲኮደሩ በመንገድ ቀዝቅዞ ይደርሳል፤ የተሞከረውም ለአሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። በሙቀት የሚመጣ ብልሽት በአሥር ደቂቃ አይታይም።

ስለዚህ የሠራነው የመጀመሪያ ሥራ ደብተር ማዘጋጀት ነበር። የልጅ ልጃቸው በየቀኑ አራት ነገር ጻፈች፦ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደተከፈተ፣ በስንት ሰዓት እንደተበላሸ፣ የታየው ምልክት የትኛው እንደሆነ፣ በዚያን ሰዓት ቤት ውስጥ ሌላ ምን ይሠራ እንደነበር። ከአንድ ሳምንት በኋላ ደብተሩ ሲነበብ ችግሩ አንድ ሳይሆን ሁለት ሆኖ ተገኘ።

ማታ ማታ ዲኮደሩ ከተከፈተ ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ምስሉ ቀጥ ይላል። ረቡዕና ቅዳሜ ጠዋት ግን ቀጥ አይልም፤ ድርግም ብሎ ጠፍቶ ይነሳል። በእነዚህ ቀናት ጠዋት በቤቱ እንጀራ ይጋገራል።

በመጀመሪያ የማታውን ያዝን። ዲኮደሩን ከግድግዳው ነቅለን አንድ ሰዓት አሳረፍነው። ዳንቴሉን አነሳን፤ ቀዳዳዎቹንም በደረቅ ብሩሽ ጠረግን። ከዚያም ከመደርደሪያው አውጥተን በጣውላ ጠረጴዛ ላይ፣ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ስንዝር ክፍት ትተን አስቀመጥነው። በአራቱ ማዕዘን ሥርም የጠርሙስ ቆርኪ አደረግንለት፤ አየር ከሥር እንዲገባ ነው። ሌላ ምንም አልነካንም። በዚያ ማታ ከሦስት ሰዓት በላይ ሳይቆም ሠራ፤ በተከታዮቹም ማታዎች እንደዚሁ። መንስኤው ሙቀት እንደነበረ የታወቀው በዚህ ነው። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ለውጠን ቢሆን ኖሮ የትኛው እንዳዳነው ባልታወቀ ነበር።

ቀጥሎ ወደ ጠዋቱ ሄድን። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ ይህን ያህል ሲጎትት የቤቱ ቮልት ዝቅ ይላል። ነገር ግን ደህና አዳፕተር ይህን ይችላል። ጀርባው ላይ 100-240V ተብሎ ከተጻፈ ከ100 እስከ 240 ቮልት ድረስ ለዲኮደሩ እኩል ኃይል መስጠት አለበት። ታዲያ ለምን ይጠፋል? አዳፕተሩ ስላረጀ ነው። በአዳፕተር ውስጥ ኃይል የምታጠራቅም ካፓሲተር የምትባል ትንሽ ቆርቆሮ አለች፤ በውስጧም ፈሳሽ አለ። ሙቀት ፈሳሹን ቀስ በቀስ ያደርቀዋል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የካፓሲተሯ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል ተብሎ ይገመታል። የደረቀች ካፓሲተር ቮልቱ ዝቅ ባለ ቅጽበት የሚያሸጋግር ስንቅ የላትም፤ ዲኮደሩም ይጠፋል።

ከጎረቤት አንድ አዳፕተር ተዋስን። ስንዋስ ሦስት ነገር አመሳከርን። ቮልቱ ከድሮው ጋር አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ 12V ከሆነ 12V። አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ መሆን አለበት፤ 1.5A ለሚፈልግ 2A ይሆናል፣ 1A ግን አይሆንም። የመሰኪያው ቅርፅና የመደመርና የመቀነስ ምልክቱ አቀማመጥም አንድ መሆን አለበት። በቀጣዩ ቅዳሜ ምጣዱ ጋለ፤ እንጀራው ተጋገረ፤ ዲኮደሩ ግን አልጠፋም።

እንግዲህ የዚህ ቤት ዲኮደር አልተበላሸም ነበር። የሚለወጠው አዳፕተሩ ብቻ ነው።

4. ማከማቻው ሲሞላ

እንደ ኤክስፕሎራ ያሉ ዲኮደሮች ሃርድ ዲስክ አላቸው። ዲስኩ የሚሠራው ፕሮግራም ስናስቀዳ ብቻ አይደለም። ቀጥታ የሚተላለፈውንም ፕሮግራም «አቁም» ስንል እንዲቆምልን ሲባል ሁልጊዜ ይቀዳል።

ዲስክ መሙላትና ዲስክ መበላሸት የተለያዩ ናቸው። ሲሞላ ያዘዝነው አይቀዳም፤ ወይም ምርጫዎቹ ቀስ ብለው ይመጣሉ። የታዩትን ቅጂዎች ስናጠፋ ይስተካከላል። ሲበላሽ ግን ብናጠፋም ለውጥ የለም፤ የተለያዩ ቅጂዎች ይደነቃቀፋሉ፤ ጆሮ ሲቀርብም ቋ ቋ የሚል ድምፅ ይሰማል። እዚህ ላይ ከፍታው ሌላ ትርጉም አለው። የዲስኩ ማንበቢያ ሰሌዳውን ሳይነካ የሚንሳፈፈው በቀጭን የአየር ፍራሽ ላይ ነው። ስለዚህ የተለመዱ ዲስኮች በሥራ ላይ 3,048 ሜትር እንዳያልፉ አምራቾች ወሰን ያበጁላቸዋል። እንጦጦ በዚህ ወሰን አፋፍ ላይ ነው። ስለዚህ እየሠራ ያለ ዲኮደር አይነቅነቅ፤ ዲስኩ ላይ ብቻ ያለ የማይተካ ነገርም አይኑር።

5. ይለወጥልን የሚባለው መቼ ነው?

ከላይ የተገለጸው ሁሉ ተሞክሮ፣ ማለትም አየር አግኝቶ፣ አዳፕተር ተለውጦለት፣ ማከማቻው ተራግፎ፣ ሲግናሉም ደህና ሆኖ ሳለ ችግሩ ከቀጠለ ብልሽቱ ከውስጥ ነው። በተለይም ሌሊቱን ተነቅሎ ያደረ ቀዝቃዛ ዲኮደር ጠዋት በተከፈተ በአምስት ደቂቃ ውስጥ እየጠፋ ከተነሳ በሙቀት ማሳበብ አይቻልም። በመነሻው ምስል ላይ ቆሞ የሚቀር፣ ወይም ዲስኩ ቋ ቋ የሚልም እንዲሁ ነው። የተቃጠለ ሽታ ካለ ግን ምንም ሙከራ ሳያስፈልግ ወዲያው ይነቀል። ሶፍትዌር እያደሰ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ሲታይ ደግሞ አይነቀል፤ በመሀል የተነቀለ ሊነሳ አይችልም።

ክዳኑን በቤት አትክፈቱ። ማኅተሙ ከተቀደደ የዋስትና ጥያቄ ሊቀር ይችላል። የኃይል ክፍሉ በውስጡ የሆነ እንደሆነም ከተነቀለ በኋላ ሊመታ ይችላል።

ስትሄዱ ዲኮደሩን ብቻ አትያዙ። አዳፕተሩን፣ ካርዱን፣ ሪሞቱን፣ የግዢ ደረሰኙንና ደብተሩን ያዙ። ከሣጥኑ ሥር ያለውን ቁጥር በደብተሩ ላይ ገልብጡ። በመስኮቱም «ተበላሽቷል» ከማለት ይልቅ እንዲህ በሉ፦ «ከተከፈተ በዚህን ያህል ደቂቃ ይቆማል፤ አዳፕተር ለውጠን ሞክረናል፤ እባካችሁ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት አብርታችሁ እዩት።» በአሥር ደቂቃ ሙከራ እንዳትመለሱ የሚያደርገው ይህ ነው። የተቀዱት ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ ከዚያው ሣጥን ጋር የተቆለፉ ስለሆኑ ወደ አዲሱ አይዛወሩም፤ ማየት የምትፈልጉት ካለ አስቀድማችሁ እዩት።

ጥያቄዎች

1. በብርድ አገር ያለ ዲኮደር በሙቀት ሊቆም የሚችለው ለምንድን ነው?
2. ምስል ሲቆራረጥና ምስል ቀጥ ሲል ልዩነታቸው ምንድን ነው?
3. በምሳሌው ቤት ዲኮደሩ እንጀራ በሚጋገርበት ጠዋት ይጠፋ የነበረው ለምንድን ነው? ምጣዱ ነው ወይስ አዳፕተሩ ጥፋተኛው?
4. በቤታችሁ ዲኮደር አዳፕተር ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር አንብባችሁ በደብተራችሁ ጻፉ።