የሰንጠረዡ የመጨረሻ መስመር፦ የማርፈድ ጥናት ውጤት አቀራረብ በመጋላ

በድሬዳዋ መጋላ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ስለ ማርፈድ ለሚደረግ ጥናት 120 ተማሪዎች ተመርጠው 90ዎቹ መጠይቁን ሞሉ እንበል። ቁጥሮቹ ለማሳያ ብቻ የቀረቡ ናቸው።

ሰንጠረዥ 1፦ ተማሪዎች በአንድ ሳምንት ያረፈዱባቸው ቀናት

| ቀናት | የተማሪ ብዛት | መቶኛ |
|---|---|---|
| 0 | 54 | 60 |
| 1 | 18 | 20 |
| 2 | 9 | 10 |
| 5 | 9 | 10 |
| ድምር | 90 | 100 |
| ያልሞሉ | 30 | – |

አማካዩ 0.9 ቀን ነው። ይህ ብቻውን ቢጻፍ እያንዳንዱ ተማሪ በሳምንት አንድ ቀን ገደማ የሚያረፍድ ያስመስላል። መልሶቹ ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው ዋጋ፣ ማለትም መሃል ከፋዩ፣ ግን 0 ነው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከቶ አላረፈዱም። አማካዩን ከፍ ያደረጉት በየቀኑ ያረፈዱት 9 ተማሪዎች ናቸው። ስለዚህ ሁለቱ ልኬቶች ጎን ለጎን ሊቀርቡ ይገባል።

ብዙ ጊዜ ከሪፖርት የሚቀረው የመጨረሻው መስመር ነው። መጠይቁ የተሞላው በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ከሆነ፣ ጥናቱ ከሚፈልጋቸው አርፋጆች አንዳንዶቹ በክፍል ላይኖሩ ይችላሉ። ያረፈዱት 36 ተማሪዎች ከመላሾቹ 40 በመቶ ናቸው። ያልሞሉት 30 ሁሉ አርፍደው ቢሆን ድርሻው ከ120ው 55 በመቶ፣ አንዳቸውም ባያረፍዱ 30 በመቶ ይሆናል። ሪፖርቱ ሁለቱንም ወሰኖች ከ40 በመቶው ጋር ማስፈር አለበት።

የጊዜ ውስንነትም እንዲሁ በግልጽ ይጻፋል። በደረቅ ሳምንት የተሰበሰበ መልስ፣ ደቻቱ ጎርፍ በሚያወርድበት ወቅት ከከዚራ ወገን ተሻግረው ስለሚመጡ ተማሪዎች ማስረጃ አይሆንም። መደምደሚያውም ከዚያች ሳምንትና ከ90ዎቹ መላሾች አልፎ መሄድ የለበትም።