ቆጣሪውን ዛሬ ማታ አንብቢ

እህት ዓለም፣ መዝገቡን ለመዝጋት አትቸኩዪ። ዛሬ ሰኔ 30 ነው። ኮኪት ዝናቡ ገብቶ መጋዘኑ ጭር ቢልም፣ በሰኔ የተሠራው ሁሉ ገና አልተጻፈም።

ደመወዙን ሐምሌ 5 ስለምትከፍዪ የሐምሌ ወጪ ልታደርጊው ነው አይደል? ሠራተኞቹ የሠሩት ግን ሰኔን ነው። ጥቅል ደመወዛቸው 42,000 ብር ከሆነ፣ በዛሬው ቀን ዴቢት የደመወዝ ወጪ፣ ክሬዲት ተከፋይ ደመወዝ ብለሽ ያዢው። የድርጅቱን የጡረታ ድርሻም፣ 11 በመቶውን፣ 4,620 ብር ጨምሪ። እጃቸው የሚገባውን የተጣራ ብር ብቻ እንዳትይዢ፤ ግብሩና የእነሱ 7 በመቶ ጡረታም ከዚያው ደመወዝ የሚቆረጥ ነው።

ሐምሌ 5 ስትከፍዪ ደግሞ ዴቢት የምታደርጊው ተከፋዩን ነው፣ ወጪውን አይደለም። እኔ በጀመርኩበት ዓመት ስከፍል ሁለተኛ ወጪ ብዬ ጻፍኩት። የነቃሁት ጥቅምት ላይ ነው፤ የሰኔው ተከፋይ ሳይዘጋ ቆሞ፣ ሐምሌ የሁለት ወር ደመወዝ ተሸክሞ አገኘሁት። አንቺ ነሐሴ ላይ ተከፋዩን ግለጪና እዪው፤ የሰኔው ብር እዚያ ካለ አንድ ነገር ተበላሽቷል።

ከሁሉ የሚረሳው ወለዱ ነው፣ ማንም ደረሰኝ ስለማያመጣልሽ። ለሰሊጥ ማበጠሪያው 600,000 ብር በ16 በመቶ ተበድራችኋል እንበል። ብሩ የገባው ሚያዝያ 30፣ ከነወለዱ የሚመለሰው ታኅሣሥ 30። ግንቦትና ሰኔ 60 ቀን ናቸው። 600,000 በ0.16፣ ከዚያ በ60 አባዢና ለ365 አካፍዪ፤ 15,780.82 ብር ይመጣል። ይህ የዘንድሮ ወጪ፣ ተከፋይ ወለድም ነው። እስከ ታኅሣሥ ያለው ወለድ ሁሉ 64,438.36 ብር ስለሚሆን፣ ለሚቀጥለው ዓመት የሚተርፈው 48,657.54 ብቻ ነው። የኋለኛውን ስትቆጥሪ ጳጉሜን አትዝለዪ። ስድስት ወር በሠላሳ ብለሽ 180 ካልሽ አምስት ቀን ይጎድልና ከባንኩ ሒሳብ ጋር አትገናኙም።

መብራቱ ይቀራል። ቆጣሪው የተነበበው ሰኔ 18 ነው፤ የዚያ ቢል 2,400 ብር ካልተከፈለ እሱም ተከፋይ ነው። ከዚያ ወዲህ ያሉት 12 ቀናት ግን ቢል ላይ የሉም። ባለፈው ቢል 400 ኪሎዋት ሰዓት በ2,400 ብር ከሆነ አንዱ በአማካይ 6 ብር ነው። ከሰኔ 18 ወዲህ 160 ከቆጠረ 960 ብር ያዢ። ታሪፉ በፍጆታው መጠን ስለሚለያይ ቢሉ ሲመጣ ትንሽ ይለወጥ ይሆናል፤ ልዩነቱን ያኔ ታስተካክዪዋለሽ። (ካርድ የሚሞላ ቆጣሪ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይገለበጥ ነበር፤ የቀረው ካርድ ንብረት እንጂ ዕዳ አይሆንም።)

ደመወዙንና ወለዱን ከውሉ ላይ ነገም ታገኚዋለሽ። የቆጣሪውን ቁጥር ግን ማበጠሪያው ጠዋት ከተነሳ በኋላ አታገኚውምና፣ ብዕርሽን ይዘሽ አሁን ውጪ።