ሐምራዊና ሮዝ፦ የግራም ቀለም፣ የባክቴሪያ ግድግዳ እና የመድኃኒት ምርጫ

ባክቴሪያ ደቃቅ ብቻ ሳይሆን ቀለም አልባም ነው። በውኃ ጠብታ ውስጥ ሆኖ በተለመደው ማይክሮስኮፕ ሲታይ ከአካባቢው ጋር ስለሚመሳሰል ቅርጹን መለየት ያስቸግራል። በዚህም ምክንያት የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያዎች ባክቴሪያውን ከማየታቸው በፊት ቀለም ያስይዙታል። ከማቅለሚያ ዘዴዎች ሁሉ በሕክምና ላቦራቶሪዎች አዘውትሮ የሚሠራበት የግራም ዘዴ ነው። በዚህ ጽሑፍ አንድ ሐኪም በስላይድ ላይ የታየውን ቀለም ሰምቶ ስለ መድኃኒት እንዴት ሊወስን እንደሚችል እንመለከታለን። ለምሳሌነት የመረጥነው የማጅራት ገትር በሽታን ነው። አገራችን ከሴኔጋል ተነሥቶ አፍሪካን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በሚያቋርጠው የማጅራት ገትር ቀበቶ ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ትገኛለች። በተጨማሪም በዚህ በሽታ የጥቂት ሰዓታት መዘግየት የታማሚውን ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ባክቴሪያውን አሳድጎ ማንነቱን ለማወቅ ቢያንስ አንድ ወይም ሁለት ቀን ያስፈልጋል፤ የግራም ውጤት ግን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሊደርስ ይችላል።

ግራም የሚለው ስያሜ ከክብደት መለኪያው ጋር ዝምድና የለውም። ሃንስ ክርስቲያን ግራም የተባለ የዴንማርክ ሐኪም በ1884 እ.ኤ.አ. በርሊን ውስጥ በካርል ፍሪድሌንደር ቤተ ሙከራ ሲሠራ ያገኘው ዘዴ ስለሆነ በስሙ ተጠራ። የግራም ፍላጎት ባክቴሪያዎችን በሁለት ወገን መክፈል አልነበረም። በሳንባ ምች ከሞቱ ሰዎች በተወሰደ የሳንባ ሥጋ ውስጥ ባክቴሪያዎቹ ከሥጋው ተለይተው እንዲታዩት ፈልጎ ነበር። አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች ቀለሙን ሲይዙ ሌሎቹ በአልኮል ሲታጠቡ ለቀቁት። ለእርሱ ይህ የዘዴው ጉድለት ነበር። ዛሬ የዘዴው ትልቁ ጥቅም የሆነው ግን ያው ጉድለት ነው።

አሠራሩን በቅደም ተከተል እንይ። ናሙናው በስላይድ ላይ በስሱ ይቀባና በአየር ይደርቃል፤ ከዚያም ስላይዱ በእሳት ነበልባል ላይ ፈጠን ብሎ በማለፍ ወይም በሜታኖል ባክቴሪያው እንዲጣበቅ ይደረጋል። ቀጥሎ ክሪስታል ቫዮሌት የተባለ ሐምራዊ ቀለም ለ1 ደቂቃ ያህል ይፈስስበትና በውኃ ይታጠባል። ከዚያ የአዮዲን ውሕድ እንዲሁ ለ1 ደቂቃ ይደረግበታል። አዮዲኑ በሕዋሱ ውስጥ ከገባው ክሪስታል ቫዮሌት ጋር ተጣምሮ በቀላሉ የማይወጣ ግዙፍ ውሕድ ይሠራል። እስከዚህ ድረስ ባክቴሪያው ሁሉ ሐምራዊ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ሦስተኛው እርምጃ ነው፦ 95 በመቶ አልኮል ወይም የአልኮልና የአሴቶን ቅልቅል በስላይዱ ላይ ይፈስሳል፤ የሚወርደው ፈሳሽ ጥርት እስኪል ድረስ ብቻ ይቆይና ወዲያው በውኃ ይታጠባል። ይህ ከጥቂት ሰከንዶች እስከ 15 ሰከንድ ያህል ነው። በመጨረሻ ሳፍራኒን የተባለ ሮዝ ቀለም ይጨመርበታል። ሐምራዊውን የያዙት ግራም ፖዘቲቭ ይባላሉ፤ ሐምራዊውን ለቀው ሮዝ የሆኑት ደግሞ ግራም ኔጌቲቭ።

አልኮሉ ይህን ልዩነት የሚያመጣው የሁለቱ ወገኖች ግድግዳ የተለያየ ስለሆነ ነው። ሁለቱም ፔፕቲዶግላይካን ከተባለ፣ ከስኳርና ከአሚኖ አሲዶች ከተሠራ መረብ የተሸመነ ግድግዳ አላቸው። በግራም ፖዘቲቮቹ ዘንድ ይህ መረብ ከ20 እስከ 80 ናኖሜትር የሚደርስ ውፍረት አለው፤ ከላዩም ሌላ ሽፋን የለውም። በግራም ኔጌቲቮቹ ዘንድ ግን መረቡ የጥቂት ናኖሜትር ስስ ነገር ሲሆን ከላዩ በቅባት የተሠራ ውጫዊ ሽፋን ለብሷል። በምሳሌ እንናገር ካልን፣ የመጀመሪያው አራት እጥፍ የሆነ ጋቢ የደረበ ሰው ነው፤ ሁለተኛው ነጠላ ለብሶ ከላዩ የዝናብ ልብስ የጣለ ነው። አልኮል ወፍራሙን መረብ ውኃውን ስለሚያሳጣው መረቡ ይኮማተራል፣ ቀዳዳዎቹ ይጠብባሉ፤ ግዙፉ ውሕድም በውስጥ ይቀራል። በሁለተኛው ወገን ግን አልኮሉ የቅባት ሽፋኑን ያሟሟል፤ የቀረው ስስ መረብ ቀለሙን ማገድ አይችልም። በ1983 እ.ኤ.አ. ቴሪ ቤቨሪጅና ባልደረቦቹ አዮዲኑን በፕላቲነም ውሕድ ተክተው ሂደቱን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተከታትለዋል። ውሕዱ ከአንደኛው ሕዋስ ሲወጣ፣ በሌላኛው በግድግዳው ታግዶ ሲቀር በቀጥታ ለማየት ችለዋል።

ይኸው የግድግዳ ልዩነት ለመድኃኒትም ይሠራል። ቫንኮማይሲን የተባለው መድኃኒት ገና በመሸመን ላይ ባለው መረብ ጫፍ ላይ ያሉትን ሁለት አሚኖ አሲዶች አንቆ በመያዝ ግንባታውን ያስቆማል። ግራም ፖዘቲቭ በሆነ ባክቴሪያ ላይ ይህን ለማድረግ የሚያግደው የውጭ ሽፋን የለም። የግራም ኔጌቲቮቹ የቅባት ሽፋን ግን ፖሪን በተባሉ ጠባብ ቱቦዎች ብቻ ነው የሚያስገባው፤ እንደ ኢ. ኮላይ ባሉ ባክቴሪያዎች እነዚህ ቱቦዎች የሚያሳልፉት በግምት እስከ 600 ዳልተን የሚመዝን ሞለኪውልን ነው። ቫንኮማይሲን ወደ 1450 ዳልተን ይመዝናል። ሴፍትሪያክሶን ግን ወደ 555 ዳልተን ስለሆነ ማለፍ ይችላል። የቫንኮማይሲን ዒላማ በግራም ኔጌቲቮቹም ውስጥ አለ፤ መድኃኒቱ ግን ከበሩ ላይ ይቀራል።

አሁን ወደ ታማሚያችን እንሂድ። አንድ የ20 ዓመት ወጣት ከፍተኛ ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታትና የአንገት መገተር ይዞት ሆስፒታል ደረሰ እንበል። ሐኪሙ ከታችኛው የጀርባ አጥንት መካከል በመርፌ የኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ ይወስዳል። ፈሳሹ እንደ ውኃ ጥርት ማለት ሲገባው ደፍርሷል። የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጠበቅ ሴፍትሪያክሶን ይጀመርለታል፤ ሴፍትሪያክሶንን የሚቋቋም ኒሞኮከስ በሚያሠጋበት ቦታ ቫንኮማይሲን ይታከላል። ፈሳሹ በሴንትሪፊዩጅ ተሽከርክሮ ዝቃጩ በግራም ዘዴ ይቀለማል፤ በ1000 እጥፍ ማጉላትም ይታያል።

ባለሙያው ጥንድ ጥንድ ሆነው የቆሙ ድቡልቡሎችን አየ። ሮዝ ቀለም ያላቸው፣ እንደ ሁለት የቡና ፍሬዎች በጠፍጣፋ ጎናቸው የተያዩ፣ ብዙዎቹም በነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ የገቡ ከሆነ፣ ይህ ሜኒንጎኮከስ የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ሴፍትሪያክሶኑ ይቀጥላል፤ ቫንኮማይሲን ግን ለዚህ ባክቴሪያ የሚፈይደው ነገር የለም። ከታማሚው ጋር በቅርብ የኖሩ ሰዎችም መከላከያ መድኃኒት ያስፈልጋቸዋል። ጥንዶቹ ሐምራዊና ጫፋቸው እንደ ጦር ሾል ያለ ከሆነ ግን ኒሞኮከስ ነው ተብሎ ይገመታል። በዚህ ጊዜ ቫንኮማይሲኑን ማቋረጥ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም የዚህ ዝርያ አንዳንዶቹ ሴፍትሪያክሶንን እንደሚቋቋሙ ይታወቃል።

አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ባለሙያው አልኮሉን ከሚገባው በላይ ካቆየው ወፍራሙም ግድግዳ በመጨረሻ ቀለሙን ይለቃል። ሐምራዊ መሆን የነበረበት ኒሞኮከስ ሮዝ ሆኖ ይታያል፤ ሪፖርቱም ግራም ኔጌቲቭ ጥንድ ድቡልቡል ይላል፤ ሐኪሙም በዚያ ተማምኖ አስፈላጊውን መድኃኒት ሊያቋርጥ ይችላል። ናሙናው በእሳት ላይ በብዛት ከጋለ ወይም ታማሚው ከመምጣቱ በፊት አንቲባዮቲክ ከወሰደ ግድግዳው ይጎዳና ተመሳሳይ ስሕተት ይከሰታል። የመጨረሻው ነገር በእኛ ዘንድ ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው ይመስለናል፤ ብዙ ሰው ሆስፒታል ከመድረሱ በፊት ከመድኃኒት ቤት አንድ ነገር ገዝቶ ይውጣልና።

ስሕተቱን በምን እናውቃለን? በስላይዱ ላይ ያሉት የነጭ የደም ሕዋሳት አስኳሎች አንድ ምልክት ይሰጣሉ። የሰው ሕዋስ እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌለው አስኳሉ ሮዝ መሆን ይገባዋል፤ ሐምራዊ ከሆነ ግን አልኮሉ አነሰ ማለት ነው፤ በዚያ አካባቢ ያለ ሐምራዊ ባክቴሪያ አይታመንም። ይህ ምልክት የሚጠቅመው ግን ለማነስ ብቻ ነው። አልኮሉ ሲበዛም አስኳሉ ያው ሮዝ ስለሆነ ምንም አይነግረንም። የመብዛትን ስሕተት የሚያጋልጠው በስላይዱ ዳር የሚቀቡ ሁለት የታወቁ ባክቴሪያዎች ናቸው፦ ስታፊሎኮከስ ኦውሬስ ሐምራዊ፣ ኢ. ኮላይ ሮዝ መሆን አለበት። ስታፊሎኮከሱ ሮዝ ከሆነ ስላይዱ ተጥሎ ሥራው ከመጀመሪያ ይደገማል። ቅርጹም ምስክር ነው፤ ጦር መሰል ጥንድ ሮዝ ሆኖ ሲገኝ ባለሙያው ቀለሙን ከማመኑ በፊት መጠራጠር ይኖርበታል።

ከቀለሙ ወደ መድኃኒቱ የሚወስደው መንገድ ሁልጊዜ ቀጥ ያለ እንዳልሆነ አንድ ሌላ ባክቴሪያ ያሳየናል። ሊስቴሪያ በአራስ ሕፃናት፣ በአረጋውያንና የመከላከል ኃይላቸው በደከመ ሰዎች ላይ ማጅራት ገትር የሚያስከትል አጭር በትር መሰል ግራም ፖዘቲቭ ነው። ወፍራም ግድግዳ ስላለው ግድግዳን የሚያፈርስ መድኃኒት ሁሉ ያጠፋዋል ብለን ብንደመድም ግን እንሳሳታለን፤ ሴፍትሪያክሶን ሊስቴሪያን አያድንም። መድኃኒቱ ባክቴሪያው ጋር ይደርሳል፤ ሊያስቆመው የሚገባው የግድግዳ ሠሪ ኢንዛይም ግን መድኃኒቱን በቅጡ አይቀበለውም። ለዚህ አምፒሲሊን ያስፈልጋል። አልኮል የበዛበት ሊስቴሪያ ደግሞ ሮዝ አጭር በትር ሆኖ ስለሚታይ በሴፍትሪያክሶን ከሚታከመው ሄሞፊለስ ጋር ሊምታታ ይችላል።

ከዚህም ሌላ በፈሳሹ ውስጥ የባክቴሪያው ቁጥር በ1 ሚሊ ሊትር ከ1000 በታች ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በስላይድ ላይ አይታይም፤ ከ100,000 በላይ ሲሆን ግን እምብዛም አያመልጥም። እንግዲህ ምንም አለመታየቱ ብቻውን ባክቴሪያ የለም አያሰኝምና ሕክምናው በዚህ የተነሣ አይቋረጥም። ባክቴሪያው መድኃኒትን የሚቋቋም መሆን አለመሆኑንም ቀለሙ አይናገርም። ሴፍትሪያክሶንን የሚቋቋመውና የማይቋቋመው ኒሞኮከስ በስላይድ ላይ እኩል ሐምራዊ ናቸው። ይህን ለማወቅ ከዚያው ፈሳሽ የተረፈው በደም አጋር ላይ ተዘርቶ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያድራል፤ ያደገውም በመድኃኒቶቹ ይፈተናል። ወጣቱ በእነዚህ ቀናት ሁለቱንም መድኃኒቶች ይወስዳል፤ ቫንኮማይሲኑ የሚቋረጠው ኒሞኮከሱ በሴፍትሪያክሶን የሚጠፋ መሆኑ በፈተናው ሲረጋገጥ ነው።