የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ የሚመጣ የአጥንት መሳሳት

ሚስት የወር አበባዋ ሲቋረጥ ብዙ ባለትዳሮች ከቤተሰብ ምጣኔ ክሊኒክ ጋር ያላቸው ጉዳይ ያለቀ ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ በዚያው ጊዜ በሰውነቷ ውስጥ ሳይታወቅ የሚጀምር አንድ ለውጥ አለ፤ አጥንቷ ይሳሳል። መሳሳቱ ራሱ ሕመም ስለሌለው ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ፣ ደጃፍ ላይ አዳልጧት በእጇ ስትመረኮዝ አንጓዋ ሲሰበር ነው።

አጥንት ሕይወት ያለው አካል ነው። በየዓመቱ የሚታደስ የጭቃ ግድግዳ አድርጋችሁ ብታስቡት ነገሩ ይቀላል። አንዱ ሠራተኛ ያረጀውን ይፍቃል፤ ሌላው የተፋቀውን ቦታ ይለስናል። በሴቶች ፋቂው ከልክ እንዳያልፍ የሚቆጣጠረው ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ የወር አበባ ሲቋረጥ ይህ ሆርሞን ይቀንሳልና ፋቂው ልሳኙን ይቀድመዋል። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ከአከርካሪ አጥንት በየዓመቱ ከ100 እጅ 2 እጅ ያህል ሊጎድል ይችላል፤ ከዚያ በኋላ መጉደሉ ዝግ ይላል እንጂ አይቆምም።

ካልሲየም ለልሳኙ ጭቃው ነው። ቫይታሚን ዲ ካልሲየሙን ከአንጀት ወደ ደም ያስገባል። ክብደት ያለበት እንቅስቃሴ ደግሞ የት የት ቦታ መለሰን እንዳለበት ለሠራተኛው ያመለክተዋል። ሦስቱም ቢሟሉ የሆርሞኑን መቀነስ ሙሉ በሙሉ አይተኩም። ሲጎድሉ ግን የአጥንቱ መሳሳት ይፋጠናል።

አሁን በአምደወርቅ ከተማ የምትኖር አንዲት የ52 ዓመት ሴት በምሳሌነት እንውሰድ። የወር አበባዋ ከተቋረጠ 2 ዓመት ሆኗታል፤ አጽዋማትንም ትጠብቃለች። በዚህ ዕድሜ ያለች ሴት በቀን ከ1000 እስከ 1200 ሚሊግራም ካልሲየም ያስፈልጋታል። በቤቷ ጤፍ ከማሽላ ጋር እኩል ተደባልቆ ይጋገራል እንበል። በቀን ሩብ ኪሎ ዱቄት የወጣበት እንጀራ ብትበላ ወደ 225 ሚሊግራም ታገኛለች። ከዚህ ውስጥ 200 ያህሉ የጤፉ ድርሻ ነው፤ ማሽላ በካልሲየም ድሃ ነው። አንድ ሳህን የተቀቀለ የአበሻ ጎመን 150 ገደማ፣ የቀኑ ሽሮ ደግሞ 50 ያህል ይጨምራሉ። የጾም ቀኗ ድምር 425 ነው፤ ከሚያስፈልጋት ግማሽ እንኳ አልሞላም። በፍስክ ቀን ግማሽ ሊትር ወተት ወይም እርጎ ብትጨምር ግን ወደ 600 ሚሊግራም ተጨምሮላት ከ1000 ትሻገራለች።

እንግዲህ ለምእመናን በዓመት ወደ 180 ቀን ጾም ስለሆነ፣ ችግሩ የዓመቱ ግማሽ ላይ ነው። በእነዚህ ቀናት አቅም ከፈቀደ የጤፉን ድርሻ ማብዛት፣ ጎመኑንም በቀን ሁለት ጊዜ ማቅረብ ይረዳል። እንጀራው ሙሉ በሙሉ ጤፍ ቢሆንና ጎመኑ ቢደገም የዚያው ቀን ድምር ወደ 750 ይደርሳል። እዚህ ላይ ጎመንን ከቆስጣ ለዩ። ቆስጣም ካልሲየም አለው፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው አሲድ ካልሲየሙን አስሮ ስለሚይዘው ሰውነት ብዙም አይጠቀምበትም። በፍስክም ቢሆን ቅቤ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል። አይብም እንደሚታሰበው አይደለም፤ አሬራው ሲነጠር ከካልሲየሙ አብዛኛው ከአጓቱ ጋር ይወጣል። አጓቱን የሚደፋ ቤት ዋናውን ደፋ። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው።

የቀረውን በክኒን መሙላት ይቻላል። ሰውነት በአንድ ጊዜ ብዙ ስለማይቀበል ከ500 ሚሊግራም ያልበለጠ፣ ከምግብ ጋር ቢወሰድ ይሻላል። የደም ማነስ ክኒን የምትወስድ ሴት ሁለቱን በተለያየ ሰዓት ትዋጥ፤ የኩላሊት ጠጠር ያለባት ደግሞ ሐኪም ሳታማክር አትጀምር። ጾም ላይ ክኒን መዋጥ የሚያሳስባት የንስሐ አባቷን ትጠይቅ።

ቫይታሚን ዲን በተመለከተ «አገራችን የ13 ወር ፀሐይ ነው» የሚል ሰው ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ በአዳማና በአካባቢዋ ባሉ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት ከ100 ልጆች 42ቱ ቫይታሚኑ እንደሚጎድላቸው አሳይቷል። ጉድለቱ በከተማ ልጆች ላይ ከገጠሮቹ ሦስት እጥፍ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ፀሐይ በሰማይ መኖሯ አይበቃም፤ ቆዳን ማግኘት አለባት። ሱቅ ውስጥ የምትውልና ስትወጣ በነጠላ የምትሸፈን ሴት የከተማ ሰው ናት። በሳምንት ጥቂት ቀን ክንድና እግርን ገልጦ 20 ወይም 30 ደቂቃ መሞቅ ይበጃል። ሰዓቱን ለማወቅ ጥላችሁን ተመልከቱ፤ ከቁመታችሁ ካጠረ ፀሐይዋ ትሠራለች። በማለዳ ጥላው ረጅም ነው፤ በመስኮት መስተዋት በኩል የሚገባው ብርሃንም ለዚህ አይረዳም።

ስለ እንቅስቃሴ የዋግን ደጋ እናት ወጥተሽ ውረጂ ብሎ መምከር ቀልድ ይመስላል። ዳገቱን ስትወጣ ኖራለች፤ ለአጥንቷም በጅቷል። ነገር ግን ቧንቧ ደጃፍ ሲደርስና ባጃጅ ሲለመድ ይህ ይቀራል። ስለዚህ በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጠን ብሎ መሄድ፣ ዳገት ከተገኘ መውጣት፣ ከዱካ ላይ በእጅ ሳይደገፉ 10 ጊዜ መነሳት፣ ግድግዳ ይዞ በአንድ እግር መቆም ያስፈልጋል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አጥንትን ከማወፈር ይልቅ ጡንቻንና ሚዛንን ስለሚያጠነክሩ ከመውደቅ ያድናሉ። በአንጻሩ 20 ሊትር ጀሪካን ጎንበስ ብሎ በጀርባ ማንሳት የሳሳ አከርካሪን ሊሰብር ይችላልና ይህን ሥራ ባልና ልጆች ይውሰዱት።

ከእኛ ክሊኒክ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ አንድ ነገር እንጨምር። በ3 ወር አንዴ የሚሰጠው የወሊድ መከላከያ መርፌ በሚወሰድበት ጊዜ የአጥንትን ጥንካሬ ጥቂት ይቀንሳል፤ ሲቆም አብዛኛው ይመለሳል። ስለዚህ ለወጣት ሴት መርፌውን ለመተው ምክንያት አይሆንም። ዕድሜዋ 45 ያለፈ ሴት ግን ለመመለሻ የሚሆን ጊዜ ላይኖራት ይችላል። ከዚህም ሌላ መርፌው ራሱ የወር አበባን ስለሚያስቀር፣ ማረጧንና አለማረጧን ሳታውቅ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። በዚህ ዕድሜ ላይ ከሆናችሁ ሌላ ዘዴ ይሻል እንደሆነ ነርሷን ጠይቁ።

አጥንትን የሚለካው መሣሪያ በትልልቅ ከተሞች ካልሆነ ስለማይገኝ ግድግዳና ከሰል ተጠቀሙ። ሚስት ጫማዋን አውልቃ ተረከዟንና ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ታስጠጋ፤ ባል በአናቷ ላይ ጠፍጣፋ ጣውላ አጋድሞ ምልክት ያድርግ፤ ቀኑንም ይጻፍበት። በየዓመቱ በጠዋት ይደገም። ምልክቱ ከ2 ሳንቲም ሜትር በላይ ዝቅ ካለ፣ ዕቃ ካነሣች በኋላ ድንገተኛ የጀርባ ሕመም ከያዛት፣ ወይም ከቁመቷ ከፍታ ወድቃ አጥንቷ ከተሰበረ ወደ ሐኪም ትሂድ፤ መሳሳቱን የሚቀንሱ መድኃኒቶች አሉ። አጥንቷ በሙሉ የሚጠዘጥዛትና ከተቀመጠችበት ለመነሣት የሚያቅታት ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የቫይታሚን ዲ እጥረት ሊሆን ይችላል፤ ይህ በሕክምና የሚድን ስለሆነ ምልክቶቹን ለሐኪሙ ለይታ ትንገር።