የዛፉ ቁመትና የዕጣው ጣሳ

ከዛፍ 5 ሜትር ርቀን ጫፉን በፕሮትራክተር ብናይ ማዕዘኑ 80 ዲግሪ ሆነ እንበል። ከዓይናችን በላይ ያለው ቁመት 5 × tan 80° = 28.4 ሜትር ነው። እጃችን ስለሚንቀጠቀጥ ግን እውነተኛው ማዕዘን ከ75 እስከ 85 ዲግሪ የትኛውም ሊሆን ይችላል።

የተለመደው የስህተት ማስተላለፊያ ቀመር በ80 ዲግሪ ላይ ያለውን የታንጀንት ዳገት ብቻ ወስዶ 28.4 ± 9.2 ሜትር ይለናል። ወደ ላይም ወደ ታችም እኩል ነው ማለቱ ነው። ዳሩ ግን በ75 ዲግሪ ቁመቱ 18.7፣ በ85 ደግሞ 57.2 ሜትር ነው። ወደ ታች 10 ሜትር ያህል፣ ወደ ላይ ግን 29 ሜትር ያህል መሆኑ ነው!

ታዲያ ምን ይሻላል? ከ75 እስከ 85 ያሉትን 11 ቁጥሮች በወረቀት ጽፈን ጣሳ ውስጥ እንጨምር። አንዱን አውጥተን ቁመቱን እናስላ፤ ወረቀቱን መልሰን፣ በጥብጠን ደግመን እናውጣ። ዕጣው በበዛ ቁጥር አማካዩ ወደ 31.9፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ወደ 11.7 ሜትር ይጠጋል። ቀመሩ ሁለቱንም አሳንሷቸው ነበር።

ስለዚህ ቀመሩን ከማመናችን በፊት ሁለቱን ዳርቻዎች እናስላ። ልዩነታቸው ተቀራራቢ ከሆነ ቀመሩ ይበቃል፤ ካልሆነ ዕጣ ይውጣ። ዕጣው ግን መጥፎ ልኬትን አያድንም። 28.4 ሜትር ርቀን ብንለካ ማዕዘኑ 45 ዲግሪ ይሆናል፤ ያው የ5 ዲግሪ ስህተትም ወደ ታች 4.6፣ ወደ ላይ 5.4 ሜትር ብቻ ያመጣል።