ሽንቱ የተዘጋበት ድመት፦ ከቧንቧው በፊት ልቡ

እኔ የጋዜጠኝነት ተማሪ እንጂ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። ለሳይንስ ዘገባ የሚሆን ርዕስ ስፈልግ ግን የወንድ ድመት ሽንት መዘጋት የሚባለውን ሕመም አገኘሁና ማንበብ ጀመርኩ። በጣም የገረመኝ አንድ ነገር ነው። ድመቱን ቶሎ የሚገድለው ብዙውን ጊዜ ያልወጣው ሽንት ራሱ ሳይሆን፣ ከሽንቱ ጋር መውጣት የነበረበት ፖታሲየም ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ቧንቧውን ከመክፈቱ በፊት ልቡን ያያል። ለምን እንደሆነ በቅደም ተከተል እንመልከተው።

በሽታው ወንዶቹን የሚያጠቃው ያለ ምክንያት አይደለም። የሴቷ የሽንት ቧንቧ አጭርና ሰፊ ነው። የወንዱ ግን ረጅም ነው፤ ብልቱ ጋ ሲደርስ ደግሞ በጣም ይጠባል። እዚያ ላይ ከንፍጥ መሰል ነገርና ከደቃቅ ክሪስታል የተሠራ ውታፍ ወይም ትንሽ ጠጠር ይቀረቀራል። አንዳንዴም ምንም የወተፈው ነገር ሳይኖር ቧንቧው አብጦና ተኮማትሮ ይዘጋል። ድመቱ ደጋግሞ አፈር ጭሮ ይቀመጣል፣ ያምጣል፣ ይጮሃል፣ ብልቱን ይልሳል፤ ጠብ የሚል ነገር ግን የለም። ባለቤቱ የሆድ ድርቀት መስሎት አንድ ሁለት ቀን ቢጠብቅ ድመቱ ሊሞትበት ይችላል። ሐኪሙ ሆዱን ሲዳስስ ፊኛው እንደ ብርቱካን ክብና ጠንካራ ሆኖ ያገኘዋል። ሊፈነዳ ስለሚችል ጨምቆ ለማስወጣት መሞከር ክልክል ነው።

ታዲያ ፖታሲየም እዚህ ውስጥ ምን አገባው? ትርፍ ፖታሲየምን በሽንት የሚያስወጣው ኩላሊት ነው። መውጫው ሲዘጋ ግፊቱ ወደ ኩላሊት ይመለስና ማጣራቱ ይዳከማል፤ ፖታሲየምም በደም ውስጥ ይከማቻል። የጤነኛ ድመት መጠን በሊትር ከ3.5 እስከ 5.5 ሚሊሞል ገደማ ነው። የልብ ጡንቻ ኤሌክትሪክ የሚመነጨው ደግሞ በሴሉ ውስጥና ውጭ ባለው የፖታሲየም ልዩነት ነው። ልዩነቱ ሲጠብ ምቱ ይዛባል።

ለማስረዳት ያህል ሁለት ቀን ሽንት ያልሸና፣ 5 ኪሎ የሚመዝን ድመት እንውሰድ። ደክሞ ተኝቷል፣ ያስታውከዋል። ፖታሲየሙ 9 ሆኗል፣ የልብ ምቱ በደቂቃ 100 ነው። ይህ ለሰው ብዙ ይመስላል፤ ክሊኒክ የገባ ድመት ግን በተለምዶ ከ160 በላይ ስለሚመታ ዝግታው ራሱ አደጋውን ይናገራል። በኢሲጂው ላይ ቲ የሚባለው ሞገድ እንደ ድንኳን ሾሎ ቆሟል፣ ፒ የሚባለው ጠፍቷል፣ ኪውአርኤስ የሚባለውም ሰፍቷል። ከዚህ ከባሰ መስመሩ የተወዛወዘ ገመድ ይመስልና ልቡ ይቆማል። ኢሲጂውና የደሙ ቁጥር ሁልጊዜ እኩል ስለማይሄዱ ሁለቱም ይታያሉ።

ይህን ድመት ወዲያው አደንዝዞ ቧንቧውን መክፈት ልቡን ሊያቆመው ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያ በደም ሥሩ ፈሳሽ ይጀመርለታል። ከዚያ 10 በመቶ ካልሲየም ግሉኮኔት በኪሎ 1 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ ቀስ ተብሎ ይሰጠዋል፤ ዓይን ከኢሲጂው አይነሳም። ልብ በሉ፣ ካልሲየም ፖታሲየሙን አይቀንሰውም። ልቡን ለግማሽ ሰዓት ገደማ ይጠብቀዋል እንጂ። ፖታሲየሙን ወደ ሴል የሚመልሰው ኢንሱሊን ነው፤ እሱም የደም ስኳር እንዳይወርድ ከግሉኮስ ጋር ይሰጣል።

ልቡ ሲረጋጋ የመክፈቱ ሥራ ይጀመራል። የሕመም ማስታገሻና ማደንዘዣ ከተሰጠ በኋላ አካባቢው ተላጭቶ ይጸዳል። የብልቱ ጫፍ በቀስታ ይታሻል፤ አንዳንዴ ውታፉ በዚህ ብቻ ይወጣል። ካልወጣ በቅባት የለሰለሰ ቀጭን ካቴተር ይገባል። ብልቱ ወደ ኋላና ወደ ጀርባ በኩል ሲሳብ የቧንቧው ቅስት ይቃናል፤ ንጹሕ የጨው ውሃ እየተረጨም ውታፉ ወደ ፊኛ ይገፋል። ውሃው ይግፋ እንጂ ካቴተሩ በጉልበት አይገፋም፣ ቧንቧው ይቀደዳልና። ፊኛው በጣም ተወጥሮ ከሆነ በመርፌ ትንሽ ማስተንፈስ ይረዳል። በመጨረሻም ፊኛው እስኪጠራ ይታጠብና ለስላሳ ካቴተር አንድ ሁለት ቀን ይቀመጥለታል።

ነገሩ እዚህ ላይ አያበቃም። ኩላሊቱ ሲፈታ ድመቱ ሽንቱን ያለ ልክ ሊለቀው ይችላል፤ የሚሰጠው ፈሳሽ ከዚያ ካነሰ ሰውነቱ ይደርቃል። ያን ያህል ከፍ ብሎ የነበረው ፖታሲየምም አሁን ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ የሽንቱ መጠን ይለካል፣ ደሙም ደጋግሞ ይመረመራል። ካቴተሩ ከወጣ በኋላ ደግሞ ድመቱ በራሱ ሲሸና ሳይታይ ወደ ቤት አይላክም። በቀናት ውስጥ እንደገና ሊዘጋበት ስለሚችል ባለቤቱ ቤትም ሆኖ ሽንቱን መከታተል አለበት።